በኖራ የተጣበቀ የቧንቧ ካርትሪጅ አፈታት

ከእጀታው ሥር ሆኖ ውሃውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን የቧንቧ ካርትሪጅ መቀየር እንደ ወጉ ከሄደ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ውሃ ይዘጋል፣ እጀታው ይነሣል፣ አሮጌው ይፈታል፣ አዲሱ ይታሰራል። ችግሩ የሚመጣው አሮጌው ይፈታል ከተባለበት ቦታ ላይ ነው። መፍቻው ይገባል፣ ክንድ ይገፋል፣ ካርትሪጁ ግን ከቧንቧው አካል ጋር አንድ ላይ የተቀለጠ ይመስል ንቅንቅ አይልም። በዚህን ጊዜ አብዛኛው ሰው ረዘም ያለ መፍቻ ፍለጋ ይሄዳል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌ፣ በካርትሪጁ ፈንታ ቧንቧው በሙሉ ከመቀመጫው ላይ ዞረብኝ። ከሥሩ ያሉት ሁለት ተጣጣፊ ቱቦዎች እንደ ገመድ ተጠማዘዙ፣ አንደኛውም ከአንገቱ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ይዤ ጀመርኩ፣ የሚያፈስ ቱቦ ታቅፌ ጨረስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጉልበትን የመጨረሻ መሣሪያ አድርጌዋለሁ። ከእርሱ በፊት ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ ካርትሪጁን የያዘው ምን እንደሆነ፣ ከዚያም መፍቻው ሲገፋ የሚዞረው ካርትሪጁ ብቻ መሆኑ። የሚከተለው ሁሉ በእነዚህ ሁለቱ ዙሪያ የሚሄድ ነው።

ስለየትኛው ካርትሪጅ እንደምናወራም እንስማማ። እዚህ የምፈታው ለቀዝቃዛና ለሙቅ ውሃ ሁለት የተለያዩ እጀታዎች ባሉት ቧንቧ ውስጥ የሚገኘውን፣ በሩብ ዙር የሚከፈትና የሚዘጋውን፣ በውስጡ ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች ያሉትን የናስ ካርትሪጅ ነው። ይህ ዓይነቱ እንደ ብሎን በራሱ ጥርስ በቀጥታ ቧንቧው አካል ውስጥ ይታሰራል። ባለ አንድ እጀታ ቧንቧ ከሆነ ካርትሪጁ ራሱ ጥርስ የለውም፤ ከላይ የሚጫነው ትልቅ የናስ ዳዶ ነው የሚይዘው። እዚያ በኖራ የሚጣበቀው ዳዶው ስለሆነ ከዚህ በታች ያለውን ዘዴ በዳዶው ላይ ይጠቀሙ፤ ዳዶው ከተፈታ በኋላ ካርትሪጁ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

ምን እንደያዘው መለየት

ካርትሪጁና የቧንቧው አካል በሚገናኙበት መስመር ላይ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ነጭ ወይም ቢጫ ያዘለ ነጭ ቅርፊት ካለ ኖራ ነው። በካርትሪጁ አንገት ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ሲያረጅ ውሃ ጠብ እንኳ ሳይል በጥርሱ በኩል ቀስ እያለ ይሰርጋል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ በውስጡ የነበረው ካልሲየም ግን እዚያው ይቀራል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የላይኞቹ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት በድንጋይ ይሞላል። በሙቅ ውሃው በኩል ነገሩ ይብሳል፤ ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው የካልሲየም ውህድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ወደማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣልና። ስለዚህ ሁለቱንም ካርትሪጆች ለመቀየር ካሰቡ በቀዝቃዛው ይጀምሩ። ቀላሉ እጅዎን ያለማምድዎታል።

ቅርፊቱ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያ የናሱ መዳብ ዝገት ነው፤ ሙቀትና ሰርጎ ገብ ዘይት ይሻለዋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። ጥርጣሬ ካለ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ቅርፊት ፍቀው በማንኪያ ላይ አንድ ጠብታ አቼቶ ያንጠባጥቡበት። ደቃቅ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ይህች የአንድ ደቂቃ ሙከራ አንድ ሙሉ ቀን ልታተርፍ ትችላለች፤ ኖራ ላይ ዘይት ሲቀባ የዋለ ሰው ያውቃታል።

ዝግጅት

ከመታጠቢያው ሥር ያሉትን ሁለቱንም መዝጊያዎች ይዝጉ። መዝጊያዎቹ አርጅተው በደንብ የማይዘጉ ከሆነ የቤቱን ዋና መዝጊያ ይዝጉ። ከዚያ ሁለቱንም እጀታዎች ከፍተው በውስጥ የቀረው ውሃ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ውሃው ከሁለት ደቂቃ በኋላም ጠብ ጠብ ማለቱን ካላቆመ መዝጊያው እያሳለፈ ነውና ካርትሪጁን አይንኩ። የማፋሰሻውን ቀዳዳ በጨርቅ ይድፈኑ፤ በዚህ ሥራ ላይ ትንሿ ብሎን ሁልጊዜ የምትወድቀው እዚያው ነው። መታጠቢያው የተቀመጠበት ጠረጴዛ እብነ በረድ ከሆነ በፕላስቲክ ይሸፍኑት። እብነ በረድም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኖራውን የሚበላው አቼቶ እርሱንም ይበላል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ዋናው ቡሶላ ነው፤ የካርትሪጁን ባለ ስድስት ጎን ጭንቅላት ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ የካርትሪጁ ዘንግ እንዳያግደው ጥልቅ የሆነ፣ ውስጡም ስድስት ማዕዘን ብቻ ያለው። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘኑ ለተጣበቀ ናስ አይሆንም፤ ኃይሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ስለሚያርፍ ማዕዘኖቹን ይላጫቸዋል። የግማሽ ኢንች ካርትሪጅ ጭንቅላት ብዙ ጊዜ 17 ሚሊሜትር ነው፤ ግን ሳይለኩ አይመኑ። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ የእንግሊዝ ቁልፍ ለመጨረሻ ማሰሪያ ይሆናል እንጂ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ፒንሳንማ ጨርሶ ይርሱት።

ከዚህ ሌላ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የማይለቅ ማርከር፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ነጭ አቼቶ ወይም የሲትሪክ አሲድ ዱቄት፣ ቧንቧውን ከተቃራኒ በኩል የሚይዝ ሁለተኛ ትልቅ መፍቻ፣ እንዲሁም በመካከል የሚገባ ወፍራም ጨርቅ ወይም ቆዳ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ አለ። ቧንቧውን ከመታጠቢያው ላይ የያዘው የሥር ዳዶ በቀላሉ የሚደረስበት ከሆነ፣ ቧንቧውን በሙሉ ነቅለው ማውጣት ከሁሉም የተሻለ ነው። የወጣ ቧንቧ አቼቶ ባለበት ባልዲ ውስጥ ተገልብጦ ሊነከር፣ ከዚያም በእንጨት መካከል ተደርጎ በማጥበቂያ ሊያዝ ይችላል፤ የችግሩ ግማሽ እዚያው ያልቃል። የሥር ዳዶው ራሱ ከተጣበቀ ወይም እጅ የማያስገባ ቦታ ከሆነ ግን ባለበት እንሥራ።

እጀታውና ሽፋኑ

በእጀታው አናት ላይ ያለችውን ቀይ ወይም ሰማያዊ ምልክት በቀጭን ካቻቢቴ ያንሡ፣ ከሥሯ ያለችውን ብሎን ይፍቱ። እጀታው ከካርትሪጁ ዘንግ ጋር በደቃቅ ሸንተረሮች የተጠላለፈ ነው፤ እዚያም ኖራ ይገባል። ከአንድ ወገን በካቻቢቴ ማንሣት ዘንጉን ያጣምማል፣ ክሮሙንም ይቧጭራል። በብሎኗ ቀዳዳ ጥቂት ትኩስ አቼቶ ጨምረው አሥር ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ እጀታውን በሁለት እጅ ይዘው ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ወደ ላይ ይሳቡት።

ከእጀታው ሥር ጥርሱንና የካርትሪጁን ጭንቅላት የሚደብቅ ክብ የክሮም ሽፋን ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ በእጅ የሚፈቱ ናቸው። እምቢ ካለ የጎማ ጓንት አድርገው ይሞክሩት፤ ጎማ ከጨርቅ የተሻለ ይይዛል።

ሽፋኑ ከተነሣ በኋላ ጊዜ የሚወስደውና ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ። የካርትሪጁን ባለ ስድስት ጎን ጭንቅላት ዙሪያውንና ሥሩን በጥርስ ብሩሽና በመርፌ ያጽዱ። ሥሩ ላይ አንድ ሚሊሜትር ኖራ ከተቀመጠ ቡሶላው እስከ ታች አይወርድም፤ የሚይዘው የማዕዘኖቹን የላይኛ ግማሽ ብቻ ይሆናል፤ ሲገፉት ያንሸራትታል፣ ናሱንም ያዶለዱማል። ቡሶላውን አስገብተው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት። መጫወት የለበትም።

ኖራውን ማሟሟት

ነጭ አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ አለው፤ ይበቃል። ሲትሪክ አሲድ ካለ 100 ግራም ዱቄት በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበጥብጡ፤ ፈጣን ነው፣ ሽታም የለውም። ጠንካራ አሲድ፣ በተለይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ማጽጃ፣ ኖራውን በደቂቃዎች ይበላዋል፤ ግን ክሮሙንና ናሱንም ይጎዳል፣ እንፋሎቱም በአካባቢው ያለውን ብረት ሁሉ ያዝጋል። እኔ አልጠቀምበትም። ከአሲዶቹ አንዱም ቢሆን ከበረኪና ጋር መገናኘት የለበትም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው። ቧንቧው በቅርቡ በበረኪና ከታጠበ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት።

አንድ የተቀደደ ጨርቅ እንደ ክር ጠምዝዘው አሲዱ ውስጥ ይንከሩና ካርትሪጁና አካሉ በሚገናኙበት መስመር ዙሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠምጥሙት። እንዳይደርቅ በላዩ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ይሰሩ። ካርትሪጁ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አሲዱ በራሱ ክብደት ወደ ጥርሱ ይወርዳል። ከግድግዳ ላይ የሚወጣ፣ ካርትሪጁ ወደ ጎን የተኛ ከሆነ ጨርቁን ከላይ በኩል ወፈር አድርገው በየጊዜው ያርሱት።

ዋናው ምስጢር አሲዱን ማደስ ነው። ኖራ ሲሟሟ አሲዱም ያልቃል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ የተተወ አንድ ጨርቅ በየ30 ደቂቃው ተቀይሮ ለሦስት ሰዓት የቆየውን ያህል አይሠራም። በየቅያሪው መስመሩን በብሩሽ ያጽዱ፣ በቡሶላው ጭንቅላት ላይ በመዶሻ አሥር ያህል ቀለል ያሉ ምቶች ይምቱ። ምቱ ካርትሪጁን ለመስበር ሳይሆን ኖራውን ለመሰንጠቅ ነው፤ አሲዱ የሚገባው በስንጥቁ ነውና። ድንጋይ ላይ እንደምትመታ አድርገህ ሳይሆን በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ አድርገህ ምታ ብሎኝ ነበር ሥራውን ያሳየኝ ሰው።

የሚቆምበትን ጊዜ ማወቅም ያስፈልጋል። ጨርቁ ላይ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም መታየት ከጀመረ አሲዱ መዳቡን እየበላ ነው። የናሱ ወለል ወደ ሮዝ ከተለወጠም ዚንኩ እየወጣ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ በውሃ ያለቅልቁና ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ክሮሙ ቀድሞ የተላጠበት ቦታ ካለ አሲዱ ከሥሩ ገብቶ ልጣጩን ያሰፋዋል፤ እዚያ ላይ ቅባት ቀብተው ይጠብቁት።

ሰርጎ ገብ ዘይት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ ዘይት ኖራን አያሟሟም፣ ቀድሞ ከተቀባ ደግሞ አሲዱ ወደ ኖራው እንዳይደርስ ይከላከላል። መስመሩን በውሃ አጥበው፣ በፀጉር ማድረቂያ አድርቀው፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ያንጠባጥቡ፤ አንድ ሰዓት ይጠብቁ።

ሙቀት

ካርትሪጁም አካሉም ናስ ስለሆኑ ሁለቱ እኩል ከሞቁ እኩል ይሰፋሉ፤ ትርፍ የለውም። የሚጠቅመው ልዩነቱ ነው። የቧንቧውን አካል ከውጭ በፀጉር ማድረቂያ ለአምስት ደቂቃ ያሙቁ፣ ወይም ጨርቅ ጠቅልለውበት የፈላ ውሃ ቀስ አድርገው ያፍስሱበት። ወዲያው በካርትሪጁ ጭንቅላት ላይ የበረዶ ቁራጭ ይያዙ። ውጩ ሰፍቶ ውስጡ ሲኮማተር የሚገኘው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ግን ተሰባሪ የሆነውን ኖራ ለመሰንጠቅ ይበቃል። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

የእሳት ነበልባል አይጠቀሙ። ክሮሙ ይጠቁራል፣ ከሥር ያሉት ቱቦዎችና የጎማ ቀለበቶች ይቀልጣሉ፣ የቀባነው ዘይትም ይቀጣጠላል።

ማዞር

መጀመሪያ በማርከር ከካርትሪጁ ጭንቅላት ጀምሮ በመገናኛው አልፎ በቧንቧው አካል ላይ የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሥምሩ። ሁለተኛ መስመር ደግሞ ከቧንቧው አካል እስከ መታጠቢያው ያሥምሩ። የላይኛው መስመር ከተሰበረ ካርትሪጁ እየዞረ ነው። የታችኛው ከተሰበረ ቧንቧው እየዞረ ነውና ወዲያው ያቁሙ። የተጣበቀ ናስ ሲገፋ መፍቻው ራሱ ስለሚለጠጥ፣ የሚዞረው ምን እንደሆነ ክንድ አያውቅም፤ መስመሩ ግን ያውቃል። ይህን መስመር ያኔ ባሠምር ኖሮ ቱቦዬ ደኅና ነበር።

አሁን ቧንቧውን ይያዙት። ትልቁን መፍቻ በጨርቅ ወይም በቆዳ አድርገው ካርትሪጁ በተተከለበት የቧንቧ አካል ላይ ያጥብቁት። የቡሶላው እጀታና የመያዣው እጀታ ጎን ለጎን፣ እንደ ተከፈተ መቀስ ትንሽ ተራርቀው እንዲቆሙ ያድርጉ። ከዚያ ሁለቱን እንደ መቀስ ወደ አንድ ይጭመቋቸው። እንዲህ ሲሆን የአንዱ ግፊት የሌላውን ይሽረዋል፤ ወደ ሥሩ ዳዶና ወደ ቱቦዎቹ የሚሄድ ኃይል አይኖርም። የውሃ መውጫውን አንገት እንደ መያዣ መጠቀም ያምራል፣ ግን የሚዞር አንገት ከሆነ መጋጠሚያው ይሰበራል።

የአቅጣጫው ነገር ሰውን ያሳስታል። በሁለቱ እጀታዎች አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ሲዞር ሊከፈት ይችላል፤ ያ ግን የውስጥ ዲስኮቹ ጉዳይ ነው። ካርትሪጁን ከአካሉ ጋር የሚያስረው ጥርስ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው፤ ከላይ ሲያዩት በሰዓት አቅጣጫ ይጠብቃል፣ በተቃራኒው ይፈታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ግፊት ወደ ማጥበቅ ይሁን። አዎ፣ ወደ ማጥበቅ። ጥቂት ዲግሪ፣ በመጠኑ። ኖራው በጥርሶቹ ላይ የተጫነው በአንድ ወገን ስለሆነ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ ሲገፋ የያዘው ይሰነጠቃል። ከዚያ ወደ መፍታት። እንደገና ወደ ማጥበቅ። ያለማቋረጥ አጥብቆ ከመግፋት ይልቅ በ25 ሴንቲሜትር እጀታ ጫፍ ላይ በመዶሻ አጭርና ቆራጥ ምት መስጠት ይሻላል፤ ኖራ ቀስ ያለን ግፊት ይሸከማል፣ ድንገተኛን ምት ግን አይችልም። ምቱ ሲያርፍ ሌላ ሰው መያዣውን ጠበቅ አድርጎ ይያዘው።

ድምፁን ያዳምጡ። ጠቅ የሚል ደረቅ ድምፅ የኖራው መሰበር ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሲጢጥታ ጥርሱ በኖራ ዱቄት ላይ ሲፋተግ የሚወጣ ነው፤ ሁለቱም መልካም ዜና ናቸው። የሚያስፈራው ድምፅ አልባው ነው። መፍቻው ያለ ድምፅ፣ ልክ እንደ ወፍራም ሊጥ እየለሰለሰ ከሄደና የላይኛው መስመር ቀስ እያለ እየተጣመመ ከሄደ ናሱ እየተጠመዘዘ ነው። ሊቆረጥ ነው። ያቁሙና ወደ አሲዱና ወደ ሙቀቱ ይመለሱ።

ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግሞ መቸኮል አለ። ሰው ሲፈታለት ደስ ብሎት እስከ መጨረሻው ይነዳዋል፤ የተሰበረው ኖራ በጥርሶቹ መካከል እንደ አሸዋ ይጠቀጠቅና ካርትሪጁ ከግማሽ ዙር በኋላ እንደገና ይነክሳል፤ ያ ሁለተኛው ንክሻ የአካሉን ጥርስ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሩብ ዙር ይፍቱ፣ ግማሹን ይመልሱ፣ አንድ ሁለት ጠብታ አቼቶ ወይም ዘይት ይጨምሩ፣ ብሩሹን ያዙሩበት። ከሁለት ሙሉ ዙር በኋላ በእጅ መዞር ከጀመረ ነፃ ወጥቷል።

አንድ ቧንቧ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ከቱቦው ጥፋት በኋላ የፈታሁት ቀጣዩ ቧንቧ የሙቅ ውሃው በኩል ከዓመት በላይ ሲንጠባጠብ የኖረ ነበር። በካርትሪጁ አንገት ዙሪያ የጥፍር ውፍረት ያለው ነጭ ቀለበት ነበረበት፤ ከሥሩ ደግሞ ቀጭን አረንጓዴ መስመር። በማንኪያ ሞከርኩት፣ አረፋ አወጣ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን የሲትሪክ አሲድ ጨርቅ ጠመጠምኩ። በ3 ሰዓት ተኩል ስቀይረው ነጩ ቀለበት ለስልሶ በብሩሽ እንደ እርጎ ተነሣ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ቀየርኩ። በአራተኛው ላይ ጨርቁ ጠርዙ ሰማያዊ ሆነ፤ አለቀለቅኩት፣ አደረቅኩት። ኖራው የሚችለውን ያህል ሄዷል፣ የቀረው አረንጓዴው ነው።

ዘይት ጠብ አድርጌ ቁርስ በላሁ። ስመለስ መስመሮቹን አሠምሬ ሞከርኩ፤ ምንም የለም። አካሉን አሙቄ በረዶ ያዝኩበት፣ እንደገና ሞከርኩ፤ ምንም የለም። በሁለተኛው ሙቀት ላይ ወደ ማጥበቂያው ስገፋ በጣቴ ጫፍ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም፣ መስመሩ ግን የማርከሩን ግማሽ ውፍረት ያህል ፈቀቅ ብሎ ነበር። ወደ መፍታት መለስኩት። ጠቅ አለ። ከዚያ ወጥቶ እስኪያልቅ ሌላ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ሩብ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። ሲወጣ የላይኞቹ ሁለት ጥርሶች ብቻ በኖራ ተሞልተው ነበር፤ የታችኞቹ እንደ አዲስ ያብረቀርቁ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ስታገል የኖርኩት ከሦስት ሚሊሜትር ከፍታ ጋር ነበር።

ጭንቅላቱ ቢቆረጥ

አንዳንዴ ሁሉ ተደርጎም የካርትሪጁ ጭንቅላት ይቆረጥና ጥርስ ያለው ቀለበት አካሉ ውስጥ ይቀራል። አይደንግጡ፤ ቧንቧው አልሞተም። የውስጥ ዲስኮቹንና ፕላስቲኩን በካቻቢቴ ነቅለው ያውጡ፤ ባዶ የናስ ቀለበት ይቀርልዎታል።

ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ውስጥ የሚነዳ ባለ ሾጣጣ ጥርስ ማውጫ ያስገባል። ቀለበቱ ስስ ስለሆነ ማውጫው ሲነዳ ወደ ውጭ ይለጥጠዋል፣ የበለጠም ያጣብቀዋል። ቀለበቱን መጀመሪያ ማዳከም ያስፈልጋል። የብረት መጋዝ ምላጭ ብቻውን፣ ያለ እጀታው፣ በጨርቅ ይዘው ቀለበቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ በሚወርድ መስመር ይቁረጡ። ከሦስት አራት ግፊት በኋላ እያቆሙ በባትሪ ይመልከቱ። የአካሉ ጥርስ ጫፎች እንደ ደቃቅ ነጥቦች በመቆረጫው ውስጥ መታየት ሲጀምሩ ያቁሙ። አንድ ጣት ያህል ራቅ ብለው ሌላ ቁራጭ ያድርጉ። ከዚያ በመካከላቸው ያለውን ቁራጭ በትንሽ መሮና በመዶሻ ወደ ውስጥ ያጥፉት። ያ ቁራጭ ሲለቅ የቀረው ቀለበት ውጥረቱን ያጣና ብዙ ጊዜ በፒንሳ ይወጣል። ጨርሶ ይርሱት ያልኩት ፒንሳ የሚፈለገው እዚህ ብቻ ነው።

መጋዙ የአካሉን ጥርስ አንድ ቦታ ላይ በትንሹ ቢነካው አዲሱ ካርትሪጅ አሁንም ይይዛል፤ ውሃውን የሚዘጋው ጥርሱ ሳይሆን የጎማ ቀለበቱ ነውና። የአካሉ ግድግዳ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ቧንቧውን መቀየር ብቻ ነው።

ከወጣ በኋላ

አሮጌውን አይጣሉት፤ አዲሱን የሚገዙት እርሱን ይዘው ነው። የግማሽ ኢንች የሚባለው ጥርስ በመለኪያ ሲለካ ግማሽ ኢንች አይደለም፤ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ይህ ብዙ ሰውን አሳስቷል። ከጥርሱ ሌላ የሚታዩት የካርትሪጁ ቁመት፣ በዘንጉ ጫፍ ያሉት ሸንተረሮች ቁጥር እና የመክፈቻው አቅጣጫ ናቸው። ሸንተረሮቹን ይቁጠሯቸው፤ 20 እና 24 የሆኑት የተለመዱ ናቸው፣ ከሩቅ ሲታዩ ደግሞ አንድ ይመስላሉ።

በአካሉ ውስጥ የቀረውን ኖራ በአቼቶና በብሩሽ ያጽዱ። ከታች ያለውን፣ የካርትሪጁ ጎማ የሚያርፍበትን ጠፍጣፋ መቀመጫ በካቻቢቴ አይፋቁት፤ በእንጨት ስንጥር ይበቃዋል። እዚያ ላይ ያለ አንድ ጭረት አዲሱንም ካርትሪጅ ያንጠባጥበዋል። ከዚያ መዝጊያውን ለአንድ ሴኮንድ ከፈት አድርገው፣ በላዩ ጨርቅ ይዘው፣ የላላው አሸዋ እንዲወጣ ያድርጉ።

በአዲሱ ካርትሪጅ የጎማ ቀለበትና ጥርስ ላይ ስስ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ። ከነዳጅ የተሠራ ግሪስ ወይም ቫዝሊን አይሁን፤ ለቧንቧ የሚሠራው ጎማ ብዙውን ጊዜ በእርሱ ያብጣል። ቴፍሎን አይጠምጥሙ፤ ለዚህ ጥርስ አያስፈልገውም። በእጅ እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ከዚያ በቡሶላ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ይጨምሩና ይተዉት። የአፉን ወንፊት ፈትተው ውሃውን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ ለአንድ ደቂቃ ያፍስሱ፣ ከዚያ ወንፊቱን ይመልሱ። የካርትሪጁን አንገት በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው አንድ ሰዓት ይተዉት። ወረቀቱ ደርቆ ከቆየ ሽፋኑን ይግጠሙ፤ ከራሰ አንድ ስምንተኛ ዙር ይጨምሩ፣ አሁንም ከራሰ ፈትተው የጎማ ቀለበቱን ይመልከቱ።